የመብራት ቢልዎን ሲፈትሹ መጀመሪያ ቀኑን ይቁጠሩ

የመብራት ቢል በዛብኝ የሚል ሰው ሞልቷል። ቢሉ የትኛው መስመር ላይ እንደተሳሳተ በጣቱ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። «ባለፈው ወር ይህን ያህል ከፍዬ፣ በዚህ ወር እንዴት አራት እጥፍ ይመጣብኛል?» ብሎ አገልግሎት መስጫ ጣቢያ የሄደ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መልስ «ተጠቅመው ነው» የሚል ነው። ይህን መልስ ለማስቀየር ቁጣም ልመናም አይረዳም። የሚረዳው «ይህ ቁጥር ከዚህ ቁጥር ጋር አይገጥምም» ብሎ ማሳየት ነው።

ይህን ለማሳየት ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ይበቃል፤ እሱንም ስልክ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይሠራዋል። ዋናው ነገር የት ላይ መፈለግ እንዳለበት ማወቅ ነው። ብዙ ሰው ቢሉን ሲጠራጠር ማባዛቱን ደግሞ ይሠራል፤ ልክ ሆኖ ሲያገኘው ተስፋ ቆርጦ ይከፍላል። ማባዛቱን የሚሠራው ኮምፒውተር ነውና እዚያ ላይ ስህተት የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ስህተቱ የሚገባው ከዚያ በፊት፣ ለኮምፒውተሩ በተሰጠው ንባብና በተሰጠው ጊዜ ላይ ነው። ንባቡ ወይም ጊዜው ከተዛባ ኮምፒውተሩ የተሳሳተውን ነገር በትክክል ያባዛል። ከታች የምናየው በየወሩ ተነብቦ የሚከፈለውን የመኖሪያ ቤት ቢል ነው፤ የካርድ ቆጣሪ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለመጀመር ዝርዝሩን መያዝ ያስፈልጋል። ዛሬ ብዙ ሰው በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ድምሩን ብቻ አይቶ ይከፍላል። ከድምር ላይ ምንም ማጣራት አይቻልም። ስለዚህ ቢሉ እጅዎ ላይ ከሌለ ዝርዝሩን ከአገልግሎት መስጫ ጣቢያው ይጠይቁ። የሚፈለጉት ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ የቀድሞው ንባብ፣ የአሁኑ ንባብ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ማለትም በኪሎ ዋት ሰዓት የተለካው ፍጆታ፣ የፍጆታው ሒሳብ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ታክስ ካለ ታክሱ፣ ከዚያም ውዝፍና እንደ ቴሌቪዥን ክፍያ ያሉ በቢሉ ተጠግተው የሚሰበሰቡ ሌሎች ክፍያዎች።

የፍጆታው ሒሳብ የሚወጣው በእርከን ከተከፋፈለ ታሪፍ ነው። በኢትዮጵያ የመብራት ዋጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ በታኅሣሥ 2011 ተሻሻለ፤ ጭማሪውም በአራት ዙር እየተደረገ በታኅሣሥ 2014 ተጠናቀቀ። በዚያ በመጨረሻው ዙር ለመኖሪያ ቤት የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ እስከ 50 ድረስ 0.2730 ብር፣ እስከ 100 ድረስ 0.7670፣ እስከ 200 ድረስ 1.6250፣ እስከ 300 ድረስ 2.0000 ብር ነበር፤ ከዚያም በላይ ሌሎች ሦስት እርከኖች አሉ። ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያው ደግሞ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም 10 ብር፣ ከዚያ በላይ ለሚጠቀም 42 ብር ነበር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ አዲስ ታሪፍ ወጥቶ ዋጋው በየሩብ ዓመቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ የዛሬ ቢልዎን ሲያሰሉ የዚያን ሩብ ዓመት ሠንጠረዥ መያዝ አለብዎት። እዚህ የ2014ቱን ዋጋ የምጠቀመው አሠራሩን ለማሳየት ነው። አሠራሩን ካወቁ ዋጋውን መተካት ቀላል ነው።

«እስከ 50»፣ «እስከ 100» የሚለው የሠንጠረዥ አነጋገር በሁለት መንገድ ሊሰላ ይችላል፤ ብዙ ክርክር የሚነሳውም ከዚህ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ፍጆታው እየተቆራረሰ በየእርከኑ ዋጋ ይሰላል። 90 ኪሎ ዋት ሰዓት የተጠቀመ ቤተሰብ ለመጀመሪያዎቹ 50 በ0.2730 ሒሳብ 13.65 ብር፣ ለቀሪዎቹ 40 በ0.7670 ሒሳብ 30.68 ብር፣ በድምሩ 44.33 ብር ይከፍላል። በሁለተኛው መንገድ ግን ፍጆታው የደረሰበት እርከን ዋጋ ለሁሉም ይሠራል፤ 90 በ0.7670 ተባዝቶ 69.03 ብር ይሆናል። ያው ቤት፣ ያው ቆጣሪ፣ ያው ሠንጠረዥ ሆኖ ልዩነቱ ወደ 25 ብር ነው።

ቢልዎ በየትኛው መንገድ እንደተሠራ ማንንም ሳይጠይቁ ማወቅ ይችላሉ። የአገልግሎት ክፍያ፣ ታክስና ውዝፍ ሳይጨምሩ የፍጆታውን ሒሳብ ብቻ ይውሰዱና ለኪሎ ዋት ሰዓቱ ያካፍሉት። ያገኙት ቁጥር ከሠንጠረዡ ዋጋዎች ከአንዱ ጋር ልክ እኩል ከሆነ ፍጆታው በሙሉ በአንድ እርከን ዋጋ ተሰልቷል ማለት ነው። በሁለት ዋጋዎች መካከል ከወደቀ ተቆራርሶ ተሰልቷል። ከላይ ባለው ምሳሌ 69.03 ለ90 ሲካፈል 0.7670 ይወጣል፤ 44.33 ለ90 ሲካፈል ግን 0.4926 ይወጣል፤ ይህ ቁጥር ሠንጠረዡ ውስጥ የለም። ፍጆታዎ ከመጀመሪያው እርከን ካላለፈ ሁለቱም መንገዶች አንድ ዓይነት ውጤት ስለሚሰጡ ፈተናውን ከ50 በላይ በተጠቀሙበት ወር ቢል ላይ ይሥሩት። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር ቢሎች ላይ ደግመው ይሞክሩት። አንዱ ወር በአንዱ መንገድ፣ ሌላው ወር በሌላው መንገድ ተሠርቶ ካገኙ ወይም የወጣው ቁጥር ከሠንጠረዡ ትልቁን ዋጋ ካለፈ፣ ያኔ እውነተኛ የእርከን ስህተት ይዘዋል።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለክርክር ብቻ አይደለም። ሙሉው ፍጆታ በደረሰበት እርከን ዋጋ የሚሰላ ከሆነ የእርከኑ ድንበር ገደል ነው። 100 ኪሎ ዋት ሰዓት የተጠቀመ 76.70 ብር ሲከፍል፣ 101 የተጠቀመ 164.13 ብር ይከፍላል። ለአንዲት ኪሎ ዋት ሰዓት ከ87 ብር በላይ መሆኑ ነው። ተቆራርሶ ሲሰላ ግን ያቺ አንዲት ኪሎ ዋት ሰዓት የምትጨምረው 1.63 ብር ብቻ ነው። የአገልግሎት ክፍያውም በሁለቱም መንገድ 50 ላይ የራሱ ገደል አለው፤ 50 ላይ 10 ብር የነበረው 51 ላይ 42 ብር ይሆናል። ቢልዎ ከነዚህ ድንበሮች አጠገብ የሚውል ከሆነ የጥቂት ኪሎ ዋት ሰዓት የንባብ ልዩነት ትልቅ ገንዘብ ነው።

ከሁሉም የሚከፋውና በብዙ ቤት የሚደርሰው ስህተት የተከማቸ ንባብ ነው። ቆጣሪ አንባቢው በሩ ተዘግቶበት ወይም ሰፈሩን ሳያዳርስ ቀርቶ አንድ ሁለት ወር ያልፋል። በሦስተኛው ወር ይመጣና ቆጣሪውን በትክክል ያነባል። ያነበበው ቁጥር እውነት ነው። ቤተሰቡም ያን ያህል ተጠቅሟል። ነገር ግን የሦስት ወር ፍጆታ እንደ አንድ ወር ፍጆታ ወደ ሠንጠረዡ ሲገባ ቤቱ በሕይወቱ ደርሶበት የማያውቀው እርከን ላይ ይወጣል።

በቁጥር እንየው። አንድ ቤተሰብ በየወሩ 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል እንበል። የቀድሞው ንባብ 4812 ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ሲነበብ 5082 ሆነ። ልዩነቱ 270 ነው፤ መቀነሱ ትክክል ነው። በየወሩ ቢነበብ ኖሮ የፍጆታው ሒሳብ ተቆራርሶ ሲሰላ 44.33 ብር ሦስት ጊዜ፣ ማለትም 132.99 ብር ይሆን ነበር። በአንድ ጊዜ ሲሰላ ግን ለመጀመሪያው 50 13.65፣ ለሁለተኛው 50 38.35፣ ለቀጣዩ 100 162.50፣ ለቀሪው 70 140.00፣ በድምሩ 354.50 ብር ይሆናል። ቤተሰቡ ላልበደለው 221.51 ብር ተጨመረበት። ሙሉው ፍጆታ በደረሰበት እርከን ዋጋ ከተሰላ ደግሞ ይብሳል፤ በየወሩ ቢሆን 207.09 ብር የሚሆነው በአንድ ጊዜ 270 በ2.0000 ሆኖ 540 ብር ይደርሳል። ትርፉ 332.91 ብር ነው። ማባዛቱን አሥር ጊዜ ቢደግሙት ስህተት አያገኙበትም። ስህተቱ የተደበቀው ጊዜው ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነገር አለ። ንባቡ ሲከማች የአገልግሎት ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። በየወሩ ቢነበብ 42 ብር ሦስት ጊዜ፣ 126 ብር ይከፈል ነበር፤ በተከማቸው ቢል ላይ ግን አንድ 42 ብር ብቻ ይታያል። ስለዚህ ቤተሰቡ ማስተካከያ ሲጠይቅ ሙሉው 221.51 ብር ይመለስልኛል ብሎ መጠበቅ የለበትም፤ ያልተከፈለው 84 ብር ሲቀነስ የሚቀረው 137.51 ብር ነው። ሐቀኛ አቤቱታ ሁለቱንም ጎን ይቆጥራል፤ ሒሳብ ሠራተኛው ራሱ ሲያሰላ የሚያገኘውም ይህንኑ ቁጥር ስለሆነ አቤቱታው ክብደት ይኖረዋል። በተቃራኒው በየወሩ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ለሚጠቀም ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤት መከማቸቱ በሁሉም በኩል ጉዳት ነው። ሦስት ወሩ 135 ሆኖ ሲቆጠር ከመጀመሪያው እርከን ይወጣል፤ ሦስት ጊዜ 10 ብር፣ በድምሩ 30 ብር ይሆን የነበረው የአገልግሎት ክፍያም ለአንድ ጊዜው ብቻ 42 ብር ይሆንበታል። ለዝቅተኛ ተጠቃሚ ተብሎ የተቀመጠው ዋጋ ለእሱ እንዳልተቀመጠ ይሆናል። ይህ በእኔ እምነት ከሁሉም ቀድሞ መታረም ያለበት ነገር ነው።

መከማቸቱን ለማወቅ ቀኑን መቁጠር ነው። የቀድሞው ንባብና የአሁኑ ንባብ የተወሰዱባቸውን ቀናት ይዩ፤ ቢሉ ላይ ካላገኟቸው ጣቢያው መዝገብ ላይ ይጠይቁ። በመካከላቸው ያሉትን ቀናት ይቁጠሩና ፍጆታውን ለቀናቱ ያካፍሉ፤ የዕለት ፍጆታ ያገኛሉ። ከላይ ያለው ቤተሰብ 270 ኪሎ ዋት ሰዓቱን በ90 ቀን ስለተጠቀመ በቀን 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ድሮም በቀን 3 ነበር። የዕለት ፍጆታው ሳይለወጥ ብሩ ከዘለለ ጥፋቱ የቤቱ አይደለም። የዕለት ፍጆታው ራሱ ካደገ ግን ምክንያቱን መጀመሪያ ቤት ውስጥ መፈለግ ይገባል። አዲስ የገባ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም የውኃ ማሞቂያ፣ ለበዓል የመጣ ዘመድ፣ ጨረታ ላይ የተገዛ አሮጌ ፍሪጅ ሊሆን ይችላል።

የጥቂት ቀናት ልዩነትም ቢሆን ድንበር ላይ ላለ ቤት ይቆጠራል። በ34 ቀን 108 ኪሎ ዋት ሰዓት የተመዘገበበት ቤት በቀን 3.18 ያህል ተጠቅሟል፤ በ30 ቀን ሲታሰብ 95 ነው። ቤቱ ከ100 በታች የሚኖር ሆኖ ሳለ አንባቢው አራት ቀን ስለዘገየ ብቻ ወደ ላይኛው እርከን ተሻገረ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ አንባቢው በ26 ቀን ቢመጣ ፍጆታው ያንሳል፤ ያለፈው ወር የእርከን ልዩነት ግን በራሱ አይመለስም።

ቀጥሎ የሚፈተሸው ንባቡ ራሱ ነው። የንባብ ሰንሰለት መበጠስ የለበትም፤ ባለፈው ወር «የአሁን ንባብ» የተባለው በዚህ ወር «የቀድሞ ንባብ» ሆኖ መምጣት አለበት። ከዚያ የተለየ ቁጥር ካለ በመካከል ያለው ፍጆታ ወይ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ወይ ተዘሏል። ከዚያ ቢሉን ይዘው ቆጣሪው ዘንድ ይሂዱ። ቢሉ ላይ ያለው የአሁን ንባብ ቆጣሪው ዛሬ ከሚያሳየው ከበለጠ፣ ማንም ቆጣሪውን ሳያይ በግምት ተሞልቷል ወይም ቁጥሩ ሲጻፍ ተሳስቷል፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድምና። ለሦስትና ለአራት ወር ያልተለወጠ ፍጆታ ወይም በየወሩ እንደ 100 እና 150 ያለ የተሞላ ቁጥር ሲመጣም ግምትን መጠርጠር ተገቢ ነው። ግምቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ደስ አይበልዎት፤ እውነተኛው ንባብ ሲመጣ ቀሪው ሁሉ በአንድ ወር ላይ ይከመራል፤ ተመልሶ ያው የተከማቸ ንባብ ይሆናል።

የአሃዝ መገለባበጥን ለመያዝ የሒሳብ ሠራተኞች ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ። አንባቢው 5082 ለማለት 5802 ብሎ ቢጽፍ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 720 ነው። 720 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 የሚካፈል ነው። ስለዚህ ቢሉ ላይ ያለው ንባብ በዚያው ቀን ራስዎ ከመዘገቡት ንባብ ከተለየ ልዩነቱን ለ9 ያካፍሉት፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ መገለባበጥን ይጠርጥሩ። በአጋጣሚም ለ9 የሚካፈል ልዩነት ሊኖር ስለሚችል ይህ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው የቆጣሪው ፎቶ ነው። በአሮጌው ባለ ጥርስ ቆጣሪ ላይ ደግሞ በመጨረሻ በኩል በቀይ ቀለም የተለየው አሃዝ የኪሎ ዋት ሰዓት ክፍልፋይ ነው። እሱ እንደ ሙሉ ቁጥር ከተነበበ ንባቡ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ይህን የመሰለ ቢል ከመጠን በላይ ስለሚያስደነግጥ ለመለየት አያስቸግርም።

ታክሱ የሚፈተሸው ከመጨረሻው ወደ ኋላ በመሄድ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ በወር እስከ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም መኖሪያ ቤትን እንዲያልፍ ተደርጓል። ቢሉ ላይ የተጻፈውን የታክስ ብር ለ0.15 ያካፍሉት፤ የሚወጣው ታክሱ የተሰላበት ገንዘብ ነው። ለምሳሌ ታክሱ 59.48 ብር ከሆነ ለ0.15 ሲካፈል ወደ 396.50 ይሆናል። አሁን ይህ 396.50 ከየት እንደመጣ ይፈልጉ። የዚህ ወር ፍጆታና የአገልግሎት ክፍያ ድምር ከሆነ ምንጩ ታውቋል። ውዝፍም ተደምሮበት ከሆነ ግን፣ ያለፈው ወር ቢል የራሱን ታክስ ይዞ ስለወጣ፣ በአንድ ገንዘብ ላይ ሁለቴ ታክስ ተጥሏል ማለት ነው። ለሌላ አካል ተብሎ የተሰበሰበ ክፍያ ተደምሮበት ቢገኝም «ይህ ለምን ታክስ ውስጥ ገባ?» ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል። ወደ ቤተሰባችንም እንመለስ፤ በየወሩ 90 የሚጠቀም ቤት ከ200 በብዙ ርቀት ታች ነው፤ ታክስ አይመለከተውም። የሦስት ወሩ 270 ሆኖ ሲመጣ ግን ከ200 በላይ ስለሆነ ታክሱ ይከተለዋል። አንድ የመከማቸት ስህተት በእርከኑም በታክሱም ይመታል።

ስህተት የሚመስል ሁሉ ስህተት አይደለም። ራስዎ ካሰሉት በአንድ ወይም በሁለት ሳንቲም የሚለይ ቢል የማጠጋጋት ጉዳይ ነው፤ የታሪፉ ዋጋ እስከ አራት አሃዝ ድረስ ስለሚወርድ እንዲህ ያለ ልዩነት ያጋጥማል። ሩብ ዓመት ሲለወጥ ፍጆታዎ ሳያድግ ብሩ ትንሽ ቢጨምር ምናልባት አዲሱ ዋጋ ገብቶ ነው፤ ያንን የሚያረጋግጡት የፍጆታውን ሒሳብ ለኪሎ ዋት ሰዓቱ አካፍለው ውጤቱን ከአዲሱ ሠንጠረዥ ጋር በማነጻጸር ነው። ያለፈውን ወር ከፍለው ውዝፍ ሆኖ ቢመጣ ደግሞ የከፈሉበትን ቀን ቢሉ ከወጣበት ቀን ጋር ያስተያዩ፤ ቢሉ ከተዘጋጀ በኋላ ከፍለው ከሆነ በሚቀጥለው ወር መጥፋት አለበት።

በአንድ ግቢ አምስት ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ሁኔታም ብዙ ቅሬታ ያስነሳል። እያንዳንዱ ቤት 50 ቢጠቀም ቆጣሪው 300 ያሳያል፤ ታሪፉ የሚያየው ቆጣሪውን እንጂ ቤተሰቡን አይደለም፤ ስለዚህ ቢሉ በላይኛው እርከን መምጣቱ የስሌት ስህተት አይደለም። ለተከራዮቹ ግን ትልቅ ጫና ነው፤ ዘላቂው መፍትሔ የየራስ ቆጣሪ ማስገባት ነው። እስከዚያው አከራይና ተከራይ ቢሉን በአምፖል ቁጥር ከመከፋፈል ይልቅ በር ላይ ትንሽ መቆጣጠሪያ ቆጣሪ አስገብተው በኪሎ ዋት ሰዓት ቢከፋፈሉ ጠብ ይቀንሳል።

ንባቡም ቀኑም እርከኑም ታክሱም ልክ ሆኖ ፍጆታው ብቻ የማይታመን ከሆነ ጥያቄው ወደ ቆጣሪው ይዞራል። በመጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ከብሬከሩ ላይ ያጥፉና ቆጣሪውን ይዩ፤ አሁንም የሚቆጥር ከሆነ ወይ ከቆጣሪው በኋላ የተቀጠለ ሌላ መስመር አለ ወይ ቆጣሪው ታሟል። ቀጥሎ በዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ `imp/kWh` ከሚለው አጠገብ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ፤ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሿ ቀይ መብራት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ይናገራል። 1600 የሚል ከሆነ 1000 ዋት የሚስብ ምድጃ ብቻውን ሲበራ በሰዓት 1600 ጊዜ፣ በደቂቃ ወደ 27 ጊዜ ብልጭ ማለት አለበት። በደቂቃ 40 ጊዜ ከቆጠሩ ቆጣሪው እንዲመረመር ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለዎት። ትንሽ ልዩነት ግን አያሳስብዎ፤ ምሽት ላይ ኃይሉ ሲደክም ምድጃው ከተጻፈበት ዋት በታች ይስባል፤ የተጻፈውም ቢሆን ግምታዊ ነው። ይህ የቤት ሙከራ ጥርጣሬን ለማጠንከር ወይም ለመተው ያገለግላል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የአገልግሎቱ የቆጣሪ ምርመራ ነው።

አቤቱታ ለማቅረብ ሲወስኑ በአንድ ወረቀት ላይ አራት መስመር ይጻፉ፤ የሁለቱን ንባቦች ቀንና ቁጥር፣ በመካከል ያሉትን ቀናትና የዕለት ፍጆታውን፣ ቢሉ ያስከፈለውን፣ በወራቱ ተከፋፍሎ ቢሰላ ይሆን የነበረውን። የቆጣሪውን ፎቶና ያለፉትን ሁለት ሦስት ቢሎች ያያይዙ። የተከማቸ ንባብ ከሆነ «ዋጋው ይቀነስልኝ» አይበሉ፤ «ፍጆታው በወራቱ ተከፋፍሎ፣ በየወሩ እርከን እንደገና ይሰላልኝ» ይበሉ። የመጀመሪያው ልመና ነው፤ ሁለተኛው ግን አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በደቂቃዎች ሊሠራው የሚችል የተወሰነ ሥራ ነው። ለመነሻ በ905 የጥሪ ማዕከል ማስመዝገብ ይቻላል፤ ጣቢያው ላይ ሲያቀርቡ ግን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ይዘው ይመለሱ። እዚያ መልስ ካጡ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አለ።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ግን በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በራስዎ መዝገብ። አገልግሎቱ ያለው የራሱ አንባቢ ያመጣው ቁጥር ነው፤ እርስዎ ምንም ከሌለዎት ክርክሩ በእሱ ቁጥር ብቻ ይዘጋል። ስለዚህ በየወሩ አንድ የተወሰነ ቀን፣ ለምሳሌ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አንሥተው ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ይመዝግቡ። አንባቢው በር ተዘግቶበት ቢመለስም ያ ቁጥር በእጅዎ አለ፤ ጣቢያው ዘንድ ሄደው «የዚህ ወር ንባቤ ይህ ነው» ብለው ያስመዝግቡት። ንባቡ ሳይከማች ማስመዝገብ፣ ከተከማቸ በኋላ ለማስመለስ ከመመላለስ እጅግ ይቀላል።